«ፖም» እና «ሽንኩርት»፦ የምልክት ቋንቋ ቃል ውስጥ ፎኒሙ የቱ ነው?

የውይይቱን ክር የከፈተው ጠያቂ የተነሣው ከአማርኛ ነው። «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንዲት ነገር ብቻ መሆኑን ያስታውሳል። ምላስ የሚነካው ቦታ ያው ነው፣ አየሩ የሚታገድበትም መንገድ ያው ነው። ልዩነቱ «ጠ» ስትባል ጉሮሮ ተዘግቶ አየሩ ከላይ ተገፍቶ መውጣቱ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካ የምልክት ቋንቋ ይሻገራል። «ፖም» ሲባል አመልካች ጣት እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፣ ሌሎቹ ጣቶች ይጨበጣሉ፣ የታጠፈው ጣት መገጣጠሚያ ጉንጭ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ እጁ ሁለቴ ያህል ይጠመዘዛል። «ሽንኩርት» ሲባል ደግሞ ቅርፁም ጥምዘዛውም ሳይነካ እጁ ብቻ ወደ ዓይን ጠርዝ ከፍ ይላል። የጠያቂው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ «ጉንጭ» የሚባለው ቦታ እንደ «ጠ» ሙሉ ፎኒም፣ ማለትም ቃልን ከቃል የሚለይ ትንሹ አሃድ ነው ወይስ «ጠ»ን ከ«ተ» እንደሚለየው ግፊት አንድ መለያ ባሕርይ? ጥያቄውን ብቻ ቢተው ጥሩ ነበር፤ ግን በምልክት ቋንቋ ሁሉም ነገር በአንድ ቅጽበት ስለሚሠራ ቅደም ተከተል የሚባል የለም፣ ስለዚህ ንጽጽሩ ከሥሩ አይሠራም የሚል ድምዳሜም አከለበት። ክሩን ያሞቀው ይህ ጭማሪ ነው።

መልስ 1፦ በጣም ጨዋ መልስ ነበር። ጥያቄው አዲስ አለመሆኑን፣ ዊልያም ስቶኪ መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመው በጋሎዴት ኮሌጅ ሲያስተምር በ1960 ባሳተመው ጥናት ምልክት የማይከፈል ሥዕል ሳይሆን ከክፍሎች የሚገነባ ቃል መሆኑን እንዳሳየ ያስታውሳል። ስቶኪ ክፍሎቹን ሦስት አድርጎ ነበር የቆጠረው፤ ቦታ፣ የእጅ ቅርፅ፣ እንቅስቃሴ። በ1965 ከዶሮቲ ካስተርላይንና ከካርል ክሮንበርግ ጋር ያወጣው መዝገበ ቃላትም ምልክቶቹን የደረደረው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ሳይሆን በእነዚህ ክፍሎች ነው፤ 12 ቦታ፣ 19 የእጅ ቅርፅ፣ 24 እንቅስቃሴ። መላሹ ሮቢን ባቲሰን ኋላ ላይ የመዳፍ አቅጣጫን አራተኛ አድርጎ መጨመሩንም ጠቀሰ። በእሱ ግምት የጠያቂው «ጉንጭ» ፎኒም ነው፣ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል። አላበቃም።

መልስ 2፦ ጥያቄውን ያልተረዳ ሰው ነው። የ«ፖም» የእጅ ቅርፅ በብዙ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ስለሚጠራ ምልክቶች በጣት የሚጻፉ ፊደላት መስለውታል። ስለዚህ ፎኒሙ ፊደሉ ነው ብሎ ደመደመ፣ የጣት ፊደልን እንዴት በፍጥነት ማንበብ እንደሚቻልም ረጅም ምክር ሰጠ። ምክሩ ለራሱ ጥሩ ነበር፤ ቦታው ግን እዚህ አልነበረም።

መልስ 3፦ ይሄኛው ቆጣ ያለ ነው። የፊደሉ ስም ለቅርፁ የተለጠፈ መጠሪያ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ በአጭሩ ተናገረ። ማስረጃውም ቀላል ነው፤ «መታመም» የሚለው ምልክት የሚሠራው መሃል ጣት ብቻ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሌሎቹ ተዘርግተው ነው፣ ያ ቅርፅ ደግሞ ከጣት ፊደላቱ መካከል ፈጽሞ የለም። በብሪታንያ የጣት ፊደል የሚሠራው በሁለት እጅ እንደሆነ፣ እዚያ በአንድ እጅ የሚሠሩ ብዙ ምልክቶች ከፊደል ጋር የሚያገናኛቸው አንዳች ነገር እንደሌለም ጨመረ። 2ኛው ሳያነብ እንደመለሰ ነግሮት ሄደ።

መልስ 4፦ ስለ 2ኛው ጥብቅና የቆመች ናት፣ በእኔ ግምትም ተገቢ ነበር። «ቤተሰብ»፣ «ክፍል» እና «ቡድን» የሚሉት የአሜሪካ ምልክቶች በእንቅስቃሴና በቦታ አንድ ናቸው፤ ሁለቱ እጆች ከፊት ለፊት ተነሥተው ክብ እየሠሩ ዞረው ይገናኛሉ። የሚለያቸው የእጅ ቅርፅ ብቻ ነው፣ እሱም በእርግጥ ከእንግሊዝኛው ቃል የመጀመሪያ ፊደል የተወሰደ ነው። ፊደል እንግዲህ ወደ ምልክቱ ገብቷል፤ የገባው ግን ፊደል ሆኖ ሳይሆን የእጅ ቅርፅ ሆኖ ነው፤ ምልክቱ የቃሉን ሌሎች ፊደላት ተከታትሎ አይጽፍም።

መልስ 5፦ ግማሽ እውነት የያዘ መልስ። የእጅ ቅርፅና ቦታ ተነባቢ ናቸው፣ እንቅስቃሴ ደግሞ አናባቢ ነው የሚል ነው። ምክንያቱ አናባቢ የሌለው ክፍለ ቃል ለመጥራት እንደሚያስቸግር ሁሉ እንቅስቃሴ የሌለው ምልክትም ጎደሎ ስለሚሆን ነው። በርቀት የሚታየው፣ ምልክቱን ጎልቶ የሚያወጣው እንቅስቃሴው ነው፤ አናባቢም ከተነባቢ ይልቅ ርቆ ይሰማል። ይህን ሐሳብ ከባድ ሚዛን ያላቸው ተመራማሪዎችም ይደግፉታል። 5ኛው ግን ከዚህ ተነሥቶ «ፖም» ተነባቢ፣ አናባቢ፣ ተነባቢ ሆኖ እንደሚጻፍ በሰንጠረዥ አሳየ፣ እዚያ ላይ ተሰናከለ። በ«ፖም» ውስጥ የታጠፈው ጣት ከእንቅስቃሴው በፊት ወይም በኋላ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ።

መልስ 6፦ የ5ኛውን ሰንጠረዥ ካረመ በኋላ ወደ መክፈቻው ተመልሶ ቅደም ተከተል የለም የሚለውን ነቀለው። ያቀረበው ስኮት ሊደልና ሮበርት ጆንሰን በ1989 ያወጡትን ትንታኔ ነው፤ ምልክት ማለት እጅ የሚቆምባቸውና የሚሄድባቸው ክፍሎች ተራ ነው። ለማየት የመረጠው ምልክት «መስማት የተሳነው» የሚለውን ነው። አመልካች ጣት ጆሮ አጠገብ ጉንጭን ይነካል፣ ከዚያ ወደ አፍ ወረድ ብሎ አገጭ አጠገብ ይነካል። ሁለት ንክኪ፣ በመካከላቸው አጭር ጉዞ።

አሁን ከፊቱ ሌላ ምልክት እናስቀድም ይላል። «አባት» የሚሠራው አምስቱም ጣቶች ተዘርግተው አውራ ጣት ግንባር ሲነካ ነው፤ «እናት» ደግሞ ያው እጅ አገጭ ሲነካ። ከ«አባት» ቀጥሎ «መስማት የተሳነው» ሲመጣ እጁ ከላይ ስለሚነሣ መጀመሪያ ጆሮ አጠገብ፣ ቀጥሎ አገጭ አጠገብ ይነካል። ከ«እናት» ቀጥሎ ሲመጣ ግን እጁ ቀድሞውኑ አገጭ ላይ ነው፤ ስለዚህ ተራው ይገለበጥና ከአገጭ ተነሥቶ ጆሮ አጠገብ ያበቃል። ቃሉ አልተለወጠም፣ የሁለቱ ንክኪ ተራ ግን ተገላበጠ። ቅደም ተከተል ባይኖር ኖሮ የሚገላበጥ ነገር አይኖርም ነበር። በንግግርም በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ድምፆች ቦታ የሚለዋወጡበት ሁኔታ የታወቀ ነው።

ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ መስመር ያዘ። ጠያቂውም ገብቶ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገሩን መሳቡን፣ የፎኒምና የባሕርይ ጥያቄው ግን እንዳልተመለሰለት ገለጸ።

መልስ 7፦ ሁሉም መምህር እያሉ የሚጠሯቸው ሰው የጻፉት ነው፣ የክሩም እምብርት ነው። እርሳቸው የሚሉት ጥንድ ቃል ልዩነት መኖሩን ብቻ እንጂ የተለየው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ አይነግረንም ነው። ያንን ለማወቅ ቃላት ሲጋጠሙ ምን አብሮ እንደሚንቀሳቀስና ምን ወደ ኋላ እንደሚቀር ማየት ያስፈልጋል። የወሰዱት ምልክት «ማመን» ነው። አመጣጡ ከሁለት ምልክት ነው፤ «ማሰብ»፣ አመልካች ጣት ግንባር ሲነካ፤ እና «ማግባት»፣ ሁለት ጎድጓዳ እጆች ከፊት ለፊት ሲጨባበጡ። በዝግታ ሲሠራ ጣቱ ግንባር ነክቶ ይወርድና በመንገድ ላይ እጁ ተከፍቶ ይጨብጣል። በፍጥነትና በልማድ ሲሠራ ግን እጁ ገና ግንባር ላይ ሳለ የ«ማግባት»ን ቅርፅ ይይዛል። ሌላኛው እጅም ከታች ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

መምህር እዚህ ላይ ቆም ብለው እንድናስተውል የጠየቁት ነገር አለ። የ«ማሰብ» የእጅ ቅርፅ ጠፍቷል፤ ግንባሩ ግን አልጠፋም። አንድ የእጅ ቅርፅ በሁለት ቦታዎች ላይ ተዘርግቷል። ቅርፅና ቦታ እንደ «ጠ» ግፊትና እንደ «ጠ» የምላስ ቦታ በአንድ ድምፅ ውስጥ የታሰሩ ቢሆኑ አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲህ በነፃነት ባልቀረ ነበር። የእጅ ቅርፅ የራሱ መደብ አለው፤ ከላይ እንደ ጥላ ያርፋል። ዌንዲ ሳንድለር በ1989 ያቀረበችው አሠራር እንዲህ ያለ ነው፤ ቦታና እንቅስቃሴ በተራ ይሰለፋሉ፣ የእጅ ቅርፅ ደግሞ በተለየ መደብ ሆኖ በሰልፉ ላይ ይዘረጋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም ይላሉ፤ «ሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት» ውስጥ ስ-ብ-ር ሳይነቃነቅ አናባቢዎቹ በላዩ ይለዋወጣሉ። ጠያቂው ንጽጽር ከፈለገ ከ«መጣ» እና «መታ» ይልቅ ወደዚህ ቢመለከት ይሻላል።

አንድ ነገር ጨመሩ፣ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ አሳማኝ የሆነው እሱ ነው። እንዲህ ባለ ጥምር ምልክት ውስጥ የእጅ ቅርፅ ወደ ጎረቤቱ ሲዛመት የመዳፍ አቅጣጫ አብሮት ይሄዳል። አቅጣጫ ግን ብቻውን ሊዛመት ይችላል፣ ቅርፁ ሳይነካ። ይህ አቅጣጫ ከቅርፅ ጎን የቆመ አራተኛ ክፍል ሳይሆን ከቅርፅ ሥር ያለ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ 1ኛው አራት እኩል ክፍሎች አድርጎ መቁጠሩ ትክክል አይመስልም።

መልስ 8፦ ከመምህር ጋር የተከራከረ ነው፣ አነጋገሩም ሻከር ያለ። ስ-ብ-ር ትርጉም አለው፣ በ«ፖም» ውስጥ ያለው የታጠፈ ጣት ግን ብቻውን ምንም አይልም፤ ታዲያ ንጽጽሩ አያሳስትም ወይ የሚል ነው። መምህር በመልስ 9 ተቃውሞውን ግማሽ ተቀበሉ። ያነጻጸሩት ትርጉሙን ሳይሆን አደራረቡን መሆኑን አስረድተው፣ ትርጉም አልባነቱ እንዲያውም ለእርሳቸው ወገን እንደሚቆም አሳሰቡ፤ ያ የታጠፈ ጣት በ«ፖም»፣ በ«ሽንኩርት» እና በ«ደረቅ» ውስጥ አለ፣ ሦስቱን የሚያገናኝ ትርጉም ግን የለም። 8ኛው አልረካም፣ ግን ዝም አለ።

መልስ 10፦ የራሷን ጉዳይ ይዛ የመጣች ተማሪ ናት። ሦስት ምልክቶች ትቀላቅላለች፤ «በጋ»፣ «አስቀያሚ» እና «ደረቅ»። በሦስቱም አመልካች ጣት ፊትን ወደ ጎን እያቋረጠ ይታጠፋል፤ «በጋ» በግንባር፣ «አስቀያሚ» በአፍንጫ ሥር፣ «ደረቅ» በአገጭ። ስለ በጋ ስታወራ እጇ ዝቅ ስለሚል ሰዎች «አስቀያሚ» ብለው ይረዷታል። ድንበሩ ስንት ሴንቲሜትር ላይ እንደሆነ ነው የጠየቀችው።

መልስ 11፦ ከጠየቀችው በላይ የመለሰ። በመጀመሪያ ተግባሩን፦ የሚያነጋግራት ሰው የሚያየው እጇን ሳይሆን ፊቷን ስለሆነ ዓይን በጣም የሚያጠራው እዚያ ነው፤ በፊት ላይ ጣት ያህል የማይሞላ ልዩነት ቃል የሚለየውም ለዚህ ነው። ደረት ላይ እንዲህ ያለ ጠባብ ልዩነት አይገኝም። ቀጥሎ፣ ዝቅ ማድረግ በራሱ ስሕተት አይደለም። «ማወቅ» የሚለው ምልክት ግንባር ላይ ይሠራል ቢባልም በፈጣን ንግግር ወደ ጉንጭ ይወርዳል፣ ማንም አይሳሳትም፤ ምክንያቱም ጉንጭ ላይ የሚጠብቀው ተፎካካሪ የለም። «በጋ» ሲወርድ ግን ከሥሩ «አስቀያሚ» አለ። ስለዚህ ምክሩ እጅን ሁልጊዜ መስቀል ሳይሆን ከሥራቸው ጎረቤት ያላቸውን ምልክቶች ለይቶ በእነሱ ላይ ግንባሩን አለመልቀቅ ነው።

የሴንቲሜትሩ ጥያቄ ግን መልስ እንደሌለው ተናገረ። ካረን ኤሞሪና ባልደረቦቿ በ2003 ባወጡት ሙከራ ከአንድ ምልክት ወደ ሌላው በእኩል እርከን የሚለወጡ ምስሎች አሳይተው ነበር። የእጅ ቅርፅ ሲለወጥ መስማት የተሳናቸው ተናጋሪዎች በድንበሩ ላይ ልዩነቱን አጥርተው ይለያሉ፤ ቋንቋውን የማያውቁት አይለዩም። ቦታ ሲለወጥ ግን ለሁለቱም ወገን እንዲህ ያለ ሹል ድንበር አልታየም።

መልስ 12፦ ክሩ የከረረው እዚህ ነው። ይህ ሰው ድንበር የሌለው ነገር ፎኒም ሊባል አይችልም፣ እንግዲያው ከስቶኪ ጀምሮ ቦታን ከቅርፅ ጋር ያሰለፉት ሁሉ ተሳስተዋል ብሎ ጻፈ፣ 1ኛውንም የ1960ን ሐሳብ እየደገመ ነው ሲል ወቀሰው። 1ኛው ተቆጥቶ «በጋ» እና «አስቀያሚ» ሁለት ቃላት መሆናቸውን ማንም ሊክድ እንደማይችል በአንድ መስመር መለሰ፤ ያ መልስ 13 ነው።

መልስ 14፦ 4ኛዋ ተመልሳ ገላገለቻቸው። በንግግርም አናባቢዎች እንደ «ተ» እና «ደ» ዓይነት ሹል ድንበር አያሳዩም፤ ሰው በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለውን ጥቃቅን ልዩነት በደንብ ይሰማል። ሆኖም አናባቢ ቃል አይለይም ያለ የለም። ስለዚህ የሙከራው ውጤት ቦታን ቃል ከሚለዩት አሃዶች ሥርዓት፣ ከፎኖሎጂ፣ አያስወጣውም፤ ምናልባት ከተነባቢ ይልቅ ወደ አናባቢ ያስጠጋዋል። ይህ ደግሞ 5ኛው ቦታን ተነባቢ ያደረገበትን ሰንጠረዥ ይገለብጣል። 12ኛው ይህን አልተቀበለም፣ 5ኛውም አልመለሰም። እኔ ወደ 4ኛዋ አዘነብላለሁ፣ ግን ነገሩ ተዘግቷል ለማለት አልደፍርም።

መልስ 15፦ ከርእሱ ወጣ ብሎ እንቅስቃሴን ከመጥበቅና ከመላላት ጋር አነጻጸረ። «አለ» ስንል ላልቶ አንድ ነገር፣ ጠብቆ ሌላ ነገር እንደሆነ ሁሉ፣ የአንዱ እጅ ሁለት ጣቶች በሌላው እጅ ሁለት ጣቶች ላይ አንዴ ሲያርፉ «መቀመጥ»፣ በአጭሩ ቆጠብ ብለው ሁለቴ ሲያርፉ «ወንበር» ይሆናል። መምህር ሐሳቡን ወደዱት፤ ግን ቴድ ሱፓላና ኤሊሳ ኒውፖርት በ1978 እንዳሳዩት ይህ ልዩነት በብዙ የግስና የስም ጥንዶች ላይ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ስለሚደጋገም የቃል እርባታ ሥራ እንጂ እንደ «አለ» በየቃሉ የሚታወስ ልዩነት አይደለም አሉ።

መልስ 16፦ የእጅ ቅርፆች በሁሉም የምልክት ቋንቋ አንድ ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር። 3ኛው በመልስ 17 በአጭሩ መለሰለት፤ በታይዋን የምልክት ቋንቋ «ወንድም» የሚሠራው መሃል ጣት ብቻውን ተዘርግቶ ነው፣ ይህ ቅርፅ በአሜሪካው ቋንቋ መደበኛ ቃላት ውስጥ ቦታ የለውም። «ጠ» እና «ጨ» በአማርኛ ኖረው በብዙ ቋንቋ እንደማይገኙ ማለት ነው።

መልስ 18፦ ጠያቂው ራሱ። አሁን የምልክቶችን ክፍሎች ለይቶ የሚጽፍበት ሰንጠረዥ ከቅርፅ በታች ምን ይኑረው ብሎ መምህርን ጠየቀ። መምህር በመልስ 19 አንድ ነገር ብቻ መከሩት፤ የተመረጡትን ጣቶች ከአቋማቸው ለይቶ ይጻፍ። «መረዳት» የሚለው ምልክት በጭብጥ እጅ ግንባር አጠገብ ይጀምርና አመልካች ጣት ብድግ ብሎ ያበቃል። ሁለት ቅርፅ ይመስላል፤ የሚሠራው ጣት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አመልካቹ ብቻ ነው፣ የተለወጠው መታጠፉና መዘርጋቱ ነው። በአንድ ያልተጣመረ ምልክት ውስጥ በአመልካች ተጀምሮ በትንሿ ጣት የሚያልቅ አይገኝም። ሰንጠረዡ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ወይ ሁለት ቃል ተጣምሯል፣ ወይ ምልክቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

መልስ 20፦ 2ኛው ተመልሶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ይዞ። ከጣት ፊደል የተወሰደው «ሥራ» የሚለው የአሜሪካ ምልክት የእንግሊዝኛውን ሦስት ፊደላት ይጽፍ ነበር፤ በልማድ የመሃሉ ፊደል ተውጦ በትንሿ ጣት ይጀምርና እጁ ተጠምዝዞ በአራት ጣቶች ያበቃል። ይህ የመምህርን ደንብ አይጥስም ወይ? መምህር እንደሚጥስ ተቀበሉ። «ቨ» በአማርኛ «ቪዛ» እና «ቴሌቪዥን» በመሳሰሉ የውጭ ቃላት ብቻ እንደምትገኝ ሁሉ ምልክቱም በዳር የሚኖር ቃል መሆኑን፣ የመሃሉ ፊደል መዋጥም ወደ ደንቡ እየተጠጋ ለመሆኑ ምልክት እንደሆነ አስረዱ። 2ኛው አንድ ጥያቄ አስከተለ፦ ትንሿ ጣት ፊደሉን በአየር ላይ ስትጽፍ የነበረው እንቅስቃሴ አሁን የእጅ ጥምዘዛ ብቻ ከሆነ፣ ያ እንቅስቃሴ የፊደሉ ነው ወይስ የአዲሱ ቃል? እስካሁን የመለሰለት የለም።